ስኒው በፎቶ ላይ ለምን ገዘፈ?



ከመካከላችሁ ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም የምትሸጡ ብዙዎች ናችሁ፤ ፎቶ አይታችሁ የምትገዙም እንዲሁ። የዛሬው ጽሑፋችን ለሁለቱም ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

እኛ የቡና ዕቃ የምንሸጥ ሁለት እህትማማቾች ነን። ጀበና፣ ስኒ፣ ረከቦት፣ የዕጣን ማጨሻ እንሸጣለን። ሱቃችን መርካቶ ውስጥ ናት፤ ወርዷ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ከደንበኞቻችን ግማሽ ያህሉ ግን ሱቋን አይተዋት አያውቁም። የሚያውቁት ፎቶዋን ነው። ዕቃውን በእጃቸው ሳይዳስሱ፣ ክብደቱን ሳይመዝኑ፣ ጠርዙን በጣታቸው ሳይዞሩበት ገንዘባቸውን ይልኩልናል።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ያሉ እናት ለልጃቸው ኒካሕ አንድ ጀበናና ስድስት ስኒ አዘዙን። ዕቃውን በጭድና በካርቶን ጠቅልለን በመኪና ላክን። በማግስቱ ስልክ ተደወለ።

«ልጆቼ፣ ስኒው ተሳስቶ የሌላ ሰው ነው የመጣው መሰለኝ» አሉ።

«ኧረ አልተሳሳተም እናታችን፣ የእርስዎ ነው። ቁጥሩን ራሳችን አይተን ነው ያሸግነው።»

«እንዴ! እኔ እኮ በፎቶው ያየሁት ትልልቅ ስኒ ነው። ይሄ የአሻንጉሊት መጫወቻ ነው የሚመስለው። ደግሞ አንዷ ጠርዟ ተሸርፏል።»

ፎቶውን ከፍተን አየነው። እውነታቸውን ነው። ስኒዎቹ ከፊት ተደርድረው፣ ጀበናው ከኋላ ቆሞ፣ ስኒው የጀበናውን ግማሽ ሊያክል ምንም አልቀረውም። በእጃችን ስንለካው ግን የጀበናው ቁመት 27 ሴንቲ ሜትር፣ የስኒው 5.5 ነው፤ አንድ አምስተኛው ብቻ። የተሸረፈችውም ስኒ ፎቶው ውስጥ አለች፤ ከኋላ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጣ በ«ብለር» ቀልጣለች። ሽርፋቷ ይቅርና የወርቅ ቀለሟ እንኳ አይለይም። እኛም ስናሽግ አላስተዋልናትም።

«እንግዲያው ፎቶው ነዋ የዋሸኝ» ብለው ዝም አሉ።

ያቺ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ከበደችን። የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ በዲናችን ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን ነው። አልደበቅንም፣ አላወቅንም ማለት እንችል ነበር። ግን ፎቶውን ያነሳነው እኛ፣ ብለሩንም «ያምራል» ብለን የጨመርነው እኛ ነን። ገንዘባቸውን ልንመልስ አልን፤ እሳቸው ዕቃውን አስቀሩት። የተሸረፈችውን ብቻ ቀይረን ላክን። ከዚያ በኋላ ግን «ይሄ ነገር እንዴት ሆነ?» የሚለው ጥያቄ አላስተኛንም።

የአጎታችን ልጅ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ቤት ሲመጣ ፎቶውን አሳየነው። ስልካችንን ወቀስን፤ «ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ነው» አልን። እሱ ግን ስልኩን አላየም። «ስታነሱ የት ቆማችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ጀበናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንደዚያ ቀን ቆመን አሳየነው። ሜትር አውጥቶ ለካ። ከስልኩ እስከ ፊተኛው ስኒ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ከጥቂት ነበር። ከስኒው እስከ ጀበናው ደግሞ ሌላ 25።

«በቃ ይሄው ነው» አለ። «ጀበናው ከስልኩ ያለው ርቀት 50፣ ስኒው ያለው 25። ስኒው በእጥፍ ስለቀረበ በእጥፍ ገዝፎ ይታያል። 5.5 የነበረው ከጀበናው ጎን 11 ሆኖ ይነበባል።»

እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምንሰማውን አነሳንበት፦ «ሰፊ ሌንስ ያሳብጣል፣ ረጅም ሌንስ ያስተካክላል ይባላል እኮ!»

«አብረን እንየው» ብሎ ካሜራውን አወጣ። ሌንሱ ላይ 18-55 የሚል ተጽፏል። ይህ ቁጥር ፎካል ሌንግዝ ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። 18 ላይ ሲሆን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ክፍሉን ሁሉ ያስገባል። 55 ላይ ሲሆን ጠበብ አድርጎ ያያል፣ ከክፍሉ ትንሿን ክፍል ብቻ ወስዶ ፎቶውን ይሞላባታል። ካሜራውን ከፊተኛው ስኒ 125 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በትራይፖድ አቆመው። አንዱን በ18 አነሳ፣ ሌላውን በ55፤ ትራይፖዱን ንቅንቅ አላደረገውም። ከዚያ የ18ቱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ጀበናው ከሌላው ጀበና እኩል እስኪሆን ድረስ አሳደገውና በማስመሪያ ለካነው።

ስኒው በሁለቱም ፎቶ እኩል ነበር፤ የጀበናው ሩብ ገደማ። 18 ስለሆነ አላበጠም፣ 55 ስለሆነም አልኮሰሰም።

ይህን ሙከራ እናንተም ቤታችሁ ብትሠሩት ደስ ይለናል፤ እኛ ለዓመታት በተሳሳተ መንገድ ስናስብ ነበርና። በፎቶ ውስጥ የቅርቡና የሩቁ ዕቃ መጠን እርስ በርስ እንዴት እንደሚታይ፣ ፐርስፔክቲቭ የሚሉት ማለት ነው፣ የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ቦታ ምን ያህሉ ፎቶው ውስጥ እንደሚገባ ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው። ስንዝር ላይ ሆናችሁ 25 እና 50 እጥፍ ይለያያሉ። 125 ላይ ሆናችሁ ግን ስኒው 125፣ ጀበናው 150 ነው፤ ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ይሆናል። በዕቃዎቹ መካከል ያለው 25 ሴንቲ ሜትር አልተለወጠም፤ ከእኛ ርቀት ጋር ሲተያይ ግን አነሰ።

ታዲያ ሰፊው ሌንስ ለምን ስሙ ጠፋ? ምክንያቱ ወደ ዕቃው እንድንጠጋ ስለሚያደርገን ነው። የአጎታችን ልጅ ካሜራ ሴንሰር፣ ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል፣ ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት ለማወቅ 24ን በርቀቱ ታባዙና ለፎካል ሌንግዙ ታካፍላላችሁ። በ125 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ50 ሌንስ፦

24 × 125 ÷ 50 = 60

60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ገባ ማለት ነው። የእኛ ረከቦት 45 ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥሩ ትንፋሽ አለው። በዚያው ርቀት በ18 ብናነሳ ግን 166 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ረከቦቱ መሐል ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀርና ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የታጠበው ልብስ ሁሉ አብሮ ይታያል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ይጠጋል። በ18 ሌንስ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲገባ ከተፈለገ 45 ሴንቲ ሜትር ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ እብጠቱ ይመጣል። የስልክ ዋና ካሜራም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ስለሚያይ «ና ጠጋ በል» ይላችኋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተላችን ተገለበጠ። ድሮ ስልኩን ይዘን ፎቶው እስኪሞላ እንጠጋ ነበር። አሁን መጀመሪያ ርቀቱን እንመርጣለን፤ ዕቃው በዓይናችን ትክክል ሆኖ የሚታይበትን ማለት ነው። ሌንሱ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ ያንን ርቀት ፎቶው ላይ በሚሞላው ቁጥር ነው። ለጀበናና ለስኒ 125 ሴንቲ ሜትርና 50 ሌንስ ተስማሙን። እጅግ መራቅም የራሱ ጣጣ አለው፦ የኋላው ከፊቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል፣ የጀበናው ሆድ ክብነቱ ይቀንሳል፤ ያን ያህል መራቂያ ቦታም መርካቶ ውስጥ ማን ይሰጠናል?

እስከዚህ ድረስ መጠኑ ተስተካከለ። ሁለተኛው ጥፋታችን፣ ብለሩ፣ ገና አልተነካም።

የአጎታችን ልጅ 50 ሚሊ ሜትር፣ f/1.8 የሆነ ሌንስ አዋሰን። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ሲወጣ ሁለታችንም «ማሻአላህ!» አልን። ጀርባው እንደ ወተት ለስልሶ፣ ጀበናው ከፎቶው የሚወጣ ይመስላል። ወዲያውኑ ልንለጥፈው ስንል እሱ «እስቲ አሳድጋችሁ እዩት» አለን። አሳደግነው። የፊተኛዋ ስኒ ጠርዝ ጥርት ብሏል። የጀበናው አንገት ግን ጭጋግ ነው፤ እጀታውማ ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አይለየውም። በስልካችን ያጠፋነውን በውድ ሌንስ ደገምነው።

አፐርቸር ሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው የሚደናገረው ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ስለሚያንስ ነው፤ እኛም ተደናግረናል። የሚገባችሁ f/1.8 ላይ ያለውን ጭረት የማካፈል ምልክት አድርጋችሁ ስታነቡት ነው። f ፎካል ሌንግዙ ነው። 50 ለ1.8 ሲካፈል የቀዳዳው ወርድ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 50 ለ8 ሲካፈል ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አካፋዩ ሲያድግ ድርሻው ያንሳል፤ የውርስ ሂሳብ እንደማለት ነው።

ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ይሳሳል። በ125 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ50 ሌንስ፣ በf/1.8 ጥርት የሚለው ከፊት እስከ ኋላ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንዲት ስኒ እንኳ በቅጡ አትገባበትም። በf/8 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ በf/11 ወደ 27። ከዚያ በላይ መዝጋት ይቻላል፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ግን ፎቶው በአጠቃላይ ጥራቱን ይቀንሳል፣ ብርሃኑም ያጥራል።

የእኛን አደራደር ለካነው። ከፊተኛዋ ስኒ እስከ ጀበናው 25 ሴንቲ ሜትር፣ በዚያ ላይ የጀበናው ሆድ ግማሽ 8፤ በድምሩ 33። f/11 እንኳ አይበቃውም። ካሜራው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስናገላብጥ ቆየን። መፍትሔው ግን ቁጥሩ ውስጥ አልነበረም። ታናሽየዋ ስኒዎቹን አንስታ ከጀበናው ፊት ሳይሆን ከግራና ከቀኙ፣ ሦስት ሦስት አድርጋ ደረደረቻቸው፤ ከጀበናው መሐል አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደፊት አስጠጋቻቸው። አሁን ሁሉም ነገር በ15 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ገባ፤ f/8 ከበቂ በላይ ሆነ። ከዚህም በላይ፣ ስኒውና ጀበናው ከካሜራው ያላቸው ርቀት እኩል ሊሆን ምንም ስላልቀረው የመጠን ስሕተቱም ጠፋ። ስኒው የጀበናው አንድ አምስተኛ ሆኖ፣ ልክ በእጅ እንደምንይዘው ታየ። ስኒዎቹ አንዳቸው ሌላቸውን ስለማይጋርዱም ስድስቱም ጠርዝ ይታያል፤ ሽርፋት ካለ ያየዋል ገዢው። እኛም ቀድመን እናየዋለን።

ያ ስንዝር የሚያክል የአደራደር ለውጥ ከሌንሱ ሁሉ በላይ ጠቅሞናል ብንል አናጋንንም።

በf/8 ግን ሌላ ችግር መጣ። ጀርባው ተመልሶ ታየ። ሱቅ ውስጥ ከጀበናው ኋላ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ መደርደሪያ አለ፤ የካርቶኑ ጽሑፍ፣ የተንጠለጠለው ፌስታል ሁሉ ተነበበ። «እንግዲህ ወይ ዕቃው ይጥራ ወይ ጀርባው ይቅለጥ፣ ምረጡ» የተባልን መሰለን። ምርጫው ግን የግድ አይደለም፤ ጀርባው የሚቀልጠው በአፐርቸር ብቻ ሳይሆን ከዕቃው በራቀ መጠንም ነውና። መደርደሪያው ከጀበናው 40 ሴንቲ ሜትር ሳይሆን ሁለት ሜትር ተኩል ቢርቅ፣ በዚያው f/8፣ የሚቀልጠው ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ይጨምራል። ጽሑፉ አይነበብም፣ ፌስታሉ የቀለም ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ለካሜራው 125፣ ለጀርባው 250 ስትደምሩ ግን ሱቃችን አትበቃም። ስለዚህ ሥራውን ወደ ቤታችን ሳሎን አዛወርነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አላቅቀን ክፍሉ መሐል አደረግነው፤ መስኮቱ በጎን ሆኖ፣ ኋላ ያለው አረንጓዴ መጋረጃ ራቅ ብሎ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ የጥቁር ሸክላን ሆድ ከአንድ ወገን ያበራና በሌላው ወገን ያጠቁረዋል፣ ክብነቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ትራይፖድ የግድ ነው። ከf/1.8 ወደ f/8 ስትሄዱ የሚገባው ብርሃን ሃያ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ካሜራው ይህን የሚያካክሰው ሻተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ በመቆየት ነው፤ በዚያ ጊዜ እጅ ከነካው ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ይህን ድብዘዛ ከአፐርቸር ብለር ለመለየት ፎቶውን አሳድጉት። አንዱ ቦታ ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ አፐርቸር ነው። ምንም የጠራ ቦታ ከሌለ ካሜራው ተንቀሳቅሷል፣ ወይም ፎከሱ ከነአካቴው ስቷል። እኛ የካሜራውን መምረጫ A ላይ (በአንዳንዱ ካሜራ Av ይላል) አድርገን አፐርቸሩን f/8 እንሰጠዋለን፣ ISO 100 ላይ እናስቀምጣለን፣ የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ እናበራለን፤ ከዚያ እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃለን። ፎከሱን የምናሳርፈው በስኒዎቹ ጠርዝና በጀበናው ሆድ ፊት መካከል ነው፤ ከፊት ለፊት ጫፍ ላይ አይደለም።

ካሜራ የሌላችሁ «ይሄ ለእኛ አይሆንም» እንዳትሉ። ከላይ ካልነው ትልቁ ነገር፣ ርቀቱና አደራደሩ፣ በስልክም ያው ነው። ስልኩን ሁለት እርምጃ ያህል አርቁት፣ 2x የሚለውን ንኩ። ስልካችሁ ለዚያ የተለየ ሌንስ ባይኖረው እንኳ ከዋናው ፎቶ መሐሉን ቆርጦ ይሰጣችኋል፤ ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ መጠኑ ግን አይዋሽም። ስልኩን መጽሐፍ ደርባችሁ አስደግፉት፤ ከፍታው ከጀበናው ሆድ ብዙም አይብለጥ። ከላይ ወደ ታች አዘንብላችሁ በቅርብ ካነሳችሁ አንገቱ ይገዝፍና መቀመጫው ይኮሰምናል። የስኒው ውስጥ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉት።

ስልክ ላይ f/1.8 የሚል አይታችሁ «ከካሜራው ሌንስ እኩል ነው» እንዳትሉም። እኛ ብለን ነበር። የስልኩ ሌንስ እውነተኛ ፎካል ሌንግዝ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 6 ለ1.8 ሲካፈል የቀዳዳው ወርድ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ የካሜራው ደግሞ 28 ነበር። ስልኩ ከራቀ ዕቃ ኋላ ብዙ የማያቀልጠው ለዚህ ነው። ለዚያም ነው «ፖርትሬት» የሚባለው ነገር የተፈጠረው፤ ዕቃውንና ጀርባውን በግምት ለይቶ ጀርባውን ራሱ ያደበዝዘዋል። ለሰው ፊት ይሁን፤ ለጀበና ግን እኛ ትተነዋል። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ጀበና ነው ብሎ ሳያደበዝዝ ይተወዋል፤ ቀጭኑን የስኒ ጠርዝ ደግሞ ጀርባ ነው ብሎ ይበላዋል። የኮምቦልቻዋ እናታችንን ሽርፋት የዋጠው እሱ ነው። ስልክ ላይ ለስላሳ ጀርባ ከፈለጋችሁ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቁ፣ ኋላ አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ስቀሉ። የማይነበብ ጀርባ መደብዘዝም አያስፈልገውም።

f/1.8ን ጨርሰን ጣልነው ማለት አይደለም። ቡና ተቀድቶ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ከማጨሻው የዕጣን ጭስ ሲነሳ፣ አንዲት ስኒ ብቻ ጠርታ ሌላው ሁሉ ሲለሰልስ ያምራል፤ እኛም እናነሳለን። ግን ያንን ፎቶ መጀመሪያ አንለጥፈውም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ነው የሚገባው። ዋጋው የሚጻፈው በf/8 ከተነሳው ሥር ነው፣ ከሥሩም የጀበናውና የስኒው ቁመት በሴንቲ ሜትር። እህቴ «ሜትር ከተጻፈ ፎቶው ምን አስጨነቀን?» ትላለች። ሰው ግን ቁጥር አይቶ አይገዛም፤ በዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው።

አሁን ሳሎናችን ወለል ላይ ሁለት የፕላስተር ምልክት አለ፤ አንዱ ለጠረጴዛው እግር፣ አንዱ ለትራይፖዱ። እናታችን ቤት ስትጠርግ በየሳምንቱ አንዱን ትነቅለዋለች፣ እኛም በሜትር እንደገና እንለጥፈዋለን።

ኒካሑ አልሐምዱሊላህ በሰላም አለፈ። ከሳምንት በኋላ ከኮምቦልቻ አንድ ፎቶ ደረሰን። የልጅ ልጃቸው በስልኩ ነው ያነሳው፤ ስኒዎቹ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠግቶ። የፊተኛዋ ስኒ ጀበናውን አክላለች፣ ሙሽሮቹ ከኋላ እንደ ጣት አንሰዋል። ከሥሩ እናታችን እንዲህ ብለው አስጽፈዋል፦ «ልጆቼ፣ ስኒዎቹ እዚህ መጥተው አደጉ።»